ቀረጡ በየትኛው ቀን ምንዛሪ ይሰላል?

ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በውጭ ገንዘብ ነው። ሻጩ ኢንቮይሱን በዶላር ወይም በዩዋን ያዘጋጃል፤ የመርከብ ድርጅቱም የማጓጓዣ ሒሳቡን በዶላር ይልካል። ቀረጥና ታክስ ግን የሚከፈለው ዕቃው በሚገባበት አገር ገንዘብ ነው። አብዛኛው ቀረጥ የዕቃው ዋጋ መቶኛ ስለሆነ፣ መቶኛው ከመሰላቱ በፊት ዋጋው ወደ አገሩ ገንዘብ መመንዘር አለበት። በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባው የምንዛሪ ተመን አስመጪው ለባንኩ የከፈለበት አይደለም፤ ዕቃው በሚፈተሽበት ሰዓት ገበያ ላይ ያለው ተመንም ላይሆን ይችላል። በሕግ የተመረጠ ተመን ነው። ሕጉ ተመኑን የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ የወጣው ተመን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጸናና ለአንድ ዕቃ የየትኛው ቀን ተመን እንደሚወሰድ ይወስናል። አስመጪውን አብዝቶ የሚነካው ይህ የመጨረሻው፣ የቀኑ ጉዳይ ነው።

የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች በዚህ ረገድ የሚመሩት በጉምሩክ ዋጋ ትመና ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተፈረመው ይህ ስምምነት ምንዛሪን የሚመለከተውን ነገር በአንቀጽ 9 ውስጥ በሁለት አጫጭር ንዑስ አንቀጾች ይጨርሰዋል። በመጀመሪያው መሠረት ተመኑ በአስመጪው አገር ሥልጣን ያለው አካል በይፋ ያወጣው መሆን አለበት፤ በሚጸናበት ጊዜም ገንዘቡ በንግድ ልውውጥ ውስጥ ያለውን ወቅታዊ ዋጋ በተቻለ መጠን ማንጸባረቅ ይኖርበታል። በሁለተኛው መሠረት የሚወሰደው ዕቃው ከላኪው አገር በወጣበት ወይም ወደ አስመጪው አገር በገባበት ጊዜ የሚሠራው ተመን ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ለየአገሩ ተትቷል። የስምምነቱ ማብራሪያ ደግሞ “የገባበት ጊዜ” ሲባል ዲክላራሲዮኑ ለጉምሩክ የቀረበበትን ጊዜም ሊጨምር እንደሚችል ይገልጻል፤ ብዙ አገሮች የሚጠቀሙትም በዚሁ ነው።

ተመኑ በይፋ የወጣ ይሁን መባሉ ከባድ ምክንያት አለው። ተመኑ ታትሞ የሚታወቅ ከሆነ አስመጪው ዕቃው ወደብ ሳይደርስ የሚጠበቅበትን ቀረጥ ማስላት ይችላል፤ የጉምሩክ ሠራተኛውም እንደ ሰው ሁኔታ ተመን የሚለዋውጥበት ቀዳዳ አይኖረውም። በአንድ ቀን የቀረቡ ሁለት ተመሳሳይ ዲክላራሲዮኖች በተመሳሳይ ተመን ይሰላሉ፤ አንደኛው አስመጪ ከባንኩ ጋር ተደራድሮ ዶላሩን በርካሽ ቢያገኝም ለጉምሩክ ስሌት ለውጥ አያመጣም።

ተመኑን የሚያወጣው አካል ከአገር አገር ይለያል። ዩሮ በሚጠቀሙ አገሮች መነሻው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የሚያወጣው ተመን ነው። በአሜሪካ የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ያረጋግጠዋል። ህንድ ለገቢና ለወጪ ዕቃዎች የተለያየ ተመን ታወጣለች። ይህ የህንድ አሠራር አንድ ሊጤን የሚገባው ነገር ይዟል። ባንክ ዶላር የሚገዛበትና የሚሸጥበት ተመን አንድ አይደለም፤ አስመጪ ከባንክ የሚገዛ ሰው ስለሆነ እሱን በእውነት የሚነካው የባንኩ የመሸጫ ተመን ነው። በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት በመቶ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ብቻውን የቀረጡን መጠን በዚያው ሁለት በመቶ ያንቀሳቅሰዋል።

ተመኑ ለምን ያህል ጊዜ ይጽና ለሚለው የአውሮፓ ኅብረት አሠራር ግልጽ ምሳሌ ነው። በኅብረቱ የጉምሩክ ደንብ መሠረት በየወሩ ከመጨረሻው በፊት ባለው ረቡዕ የወጣው ተመን ይያዝና ከሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ወሩን በሙሉ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የመጨረሻው ረቡዕ 29 ላይ ስለዋለ፣ ለጁን ወር የተወሰደው ሜይ 22 ቀን የወጣው ተመን ነበር። ጁን 3 የገባ ዕቃም ሆነ ጁን 28 የገባ ዕቃ የሚሰላው በዚያ በአንድ ተመን ነው፤ በመካከሉ የዕለቱ ምንዛሪ ወጣ ወረደ አይባልም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት፣ ፍራንክፈርት ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ ከቻይና የ30,000 ዶላር ዕቃ አስመጣ እንበል፤ የቀረጥ ምጣኔው 10 በመቶ ይሁን። የዩሮ ተመን የሚገለጸው አንድ ዩሮ ስንት ዶላር እንደሚያወጣ ስለሆነ ስሌቱ በማካፈል ነው። የወሩ ተመን 1.08 ከሆነ የዕቃው ዋጋ 27,778 ዩሮ ገደማ፣ ቀረጡም 2,778 ዩሮ ይሆናል። የሚቀጥለው ወር ተመን 1.04 ሆኖ ቢወጣ ያው ዕቃ 28,846 ዩሮ ተገምቶ 2,885 ዩሮ ቀረጥ ይከፈልበታል። ኢንቮይሱ ላይ አንዲት ሳንቲም ሳይለወጥ፣ ዲክላራሲዮኑ ወሩ ሊያልቅ ሲል ወይም አዲሱ ወር ሲብት መቅረቡ ብቻ የ107 ዩሮ ልዩነት አመጣ።

ይህ አሠራር ለአስመጪ ምቹ የሆነ ጠባይ አለው፤ የሚቀጥለው ወር ተመን ወሩ ሳይገባ ከአንድ ሳምንት በላይ ቀድሞ ይታወቃል። ዕቃው ወደብ ደርሶ የሚጠብቅ ከሆነ ነጋዴው ሁለቱን ተመኖች አስተያይቶ ዲክላራሲዮኑን በዚህኛው ወር ማቅረብ ወይም ጥቂት ቀን መጠበቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ይሠራ በነበረው ደንብ ምንዛሪው ከተያዘው ተመን በ5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከራቀ ተመኑ በወሩ መካከልም ይለወጥ ነበር፤ አሁን ባለው ደንብ ይህ ቀርቷል። እንደ ዩሮና ዶላር በመጠኑ ለሚንቀሳቀሱ ገንዘቦች የወር ተመን ብዙ ጉዳት የለውም። በአንድ ወር ውስጥ ሩብ ዋጋውን ለሚያጣ ገንዘብ ግን ወሩን የሚዘልቅ ተመን በሁለተኛው ሳምንት ከእውነታው ይርቃል። በእንዲህ ያለ አገር ተመኑ በየሳምንቱ ወይም በየቀኑ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቀኑ ምርጫ ይከብዳል።

አሜሪካ የወሰደችው ዕቃው ከላኪው አገር የወጣበትን ቀን ነው። መርከቡ ከላኪው ወደብ በተነሳበት ቀን ተመኑ ይቆረጣል፤ ዕቃው ባሕር ላይ አንድ ወር ቢቆይም ሎስ አንጀለስ ሲደርስ የሚሰላው በዚያው ነው። የሚሠራበትም ተመን በመሠረቱ በየሩብ ዓመቱ መጀመሪያ የሚረጋገጠው ነው። ዕቃው በወጣበት ዕለት ያለው ተመን ከዚህ በ5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የተለየ እንደሆነ ግን የዕለቱ ይወሰዳል። ይህ አሠራር አስመጪው ዕቃው ገና ሲጫን ቀረጡን በትክክል እንዲያውቅ ያደርገዋል። ለመንግሥት ግን የራሱ ገንዘብ በጉዞው ወቅት ከወረደ የሚሰበስበው ቀረጥ በአሮጌ ዋጋ የተሰላ ይሆናል።

ዲክላራሲዮኑ የሚቀርብበትን ቀን የመረጡ አገሮች ይህን ሥጋት ወደ አስመጪው አዙረዋል። ዕቃው ተገዝቶ፣ ክፍያው ተፈጽሞ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከወደብ ወደ ደረቅ ወደብ ተጓጉዞ ዲክላራሲዮን እስኪመዘገብ ያለው ጊዜ ሁሉ ቀረጡ ያልታወቀበት ጊዜ ነው። መጋዘን ሲገባበት ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ቀረጥ ሳይከፈልበት በቦንድ መጋዘን የተቀመጠ ዕቃ የሚሰላው ወደ መጋዘኑ በገባበት ቀን ተመን ነው ወይስ ለአገር ውስጥ ገበያ በወጣበት ቀን? ህንድ ሁለቱን ከፋፍላዋለች፤ የምንዛሪ ተመኑ ለመጋዘን በቀረበው ዲክላራሲዮን ቀን ይቆረጣል፣ የቀረጥ ምጣኔው ግን ዕቃው ከመጋዘን በሚወጣበት ቀን የሚሠራው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሁለቱም የሚወሰዱት ዕቃው ወደ ገበያ እንዲለቀቅ ዲክላራሲዮን ተቀባይነት ባገኘበት ጊዜ ነው።

የቀኑ ምርጫ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከናይጄሪያ በላይ ያሳየ አገር በቅርብ ዓመታት አልታየም። የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የነበሩትን ልዩ ልዩ የምንዛሪ መስኮቶች አንድ አድርጎ ናይራው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ ጉምሩክ ለቀረጥ ይጠቀምበት የነበረው ተመን ለአንድ ዶላር 422 ናይራ ገደማ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ 589 ሆነ። ዓመቱ ሲጠናቀቅ ወደ 952 ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2024 በአንድ ጊዜ ወደ 1,357 ዘለለ፤ በቀጣዮቹ ቀናት 1,400ን አለፈ፤ ወሩ ሳያልቅ ደጋግሞ ተለወጠ።

የ20,000 ዶላር ዕቃ ያለው፣ የቀረጥ ምጣኔው 20 በመቶ የሆነ የሌጎስ አስመጪ በዚህ መካከል ቢገኝ ስሌቱ እንዲህ ይወጣል። በ952 ናይራ ዕቃው 19,040,000 ናይራ ይገመታል፤ ቀረጡም 3,808,000 ናይራ ነው። በ1,357 ናይራ ያው ዕቃ 27,140,000 ናይራ ይሆንና ቀረጡ ወደ 5,428,000 ናይራ ያድጋል። በጃንዋሪ መጨረሻ ሰነዱን ያስመዘገበና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ያስመዘገበ ሰው ልዩነታቸው 1,620,000 ናይራ፣ ማለትም ከ42 በመቶ በላይ ነው። ዕቃው ግን ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዋጋ፣ ምናልባትም በአንድ መርከብ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ጊዜ የመርከብ መዘግየት፣ የወደብ መጨናነቅ፣ የአንድ ሰነድ መጉደል በቀጥታ ወደ ቀረጥ ይለወጣል፤ አስመጪው በማይቆጣጠረው ነገር ምክንያት ይከፍላል ማለት ነው። የመሸጫ ዋጋውን ቀድሞ ቆርጦ ትዕዛዝ የተቀበለ ነጋዴ ደግሞ ጭማሪውን የሚያሸጋግርበት ሰው የለውም።

ማዕከላዊ ባንኩ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2024 ባወጣው ሰርኩላር መልስ ለመስጠት ሞከረ። በናይጄሪያ ማንኛውም አስመጪ ዕቃውን ከማዘዙ አስቀድሞ “ፎርም ኤም” የሚባል ሰነድ በባንኩ በኩል ይከፍታል። ሰርኩላሩ ጉምሩክ ለቀረጥ ስሌት ፎርም ኤም በተከፈተበት ቀን የነበረውን የመዝጊያ ተመን እንዲወስድ፣ ተመኑም ዕቃው ወጥቶ እስኪያልቅ እንዲጸና አሳሰበ። ነጋዴው ገና ሲያዝ ቀረጡን በናይራ ያውቃል፤ ዋጋ መቁረጥም ይችላል።

መፍትሔው ግን የራሱ ችግር ነበረበት። ፎርም ኤም የሚከፈትበት ቀን ዕቃው ከላኪው አገር የወጣበት ቀን አይደለም፤ የገባበትም አይደለም። ስምምነቱ ደግሞ ከነዚህ ሁለት ቀናት ሌላ ሦስተኛ ምርጫ አይሰጥም። በተግባርም የተቆረጠ ተመን የሚጠቅመው ገንዘቡ መውረዱን ከቀጠለ ነው። ናይራው በማርችና በኤፕሪል 2024 አገግሞ ወደ 1,200 እና ከዚያም በታች ሲመለስ፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ከ1,500 በላይ በሆነ ተመን ፎርም ኤም የከፈተ ሰው በዚያ ስሌት ከዕለቱ ገበያ በላይ በሆነ ዋጋ ቀረጥ እንዲከፍል ይገደድ ነበር። ተመኑን ቀድሞ መቁረጥ እርግጠኝነትን ይሰጣል እንጂ ርካሽነትን አይሰጥም፤ ሁለቱን ማምታታት በየአገሩ የሚታይ ስሕተት ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲሰማ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዝ ይለዋል። በዚያ ዕለት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት በ57 ብር አካባቢ የነበረው የዶላር ይፋ ተመን በመጀመሪያው ቀን በንግድ ባንክ ወደ 75 ብር ገደማ ደረሰ፤ በሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ። በኢትዮጵያ የጉምሩክ ዋጋ የሚይዘው የዕቃውን ግዢ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ እስከ መጀመሪያው የአገሪቱ መግቢያ ድረስ ያለውን የማጓጓዣና የመድን ወጪም ይጨምራል። ምንዛሪው የሚያበዛው ይህን ሁሉ ነው። በላዩም ላይ ታክሶች እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ቀረጡ በተደመረበት ዋጋ ላይ ነው፣ ሱር ታክስ ደግሞ ሁለቱም በተደመሩበት ላይ።

10,000 ዶላር የጉምሩክ ዋጋ ያለው፣ ቀረጡ 35 በመቶ የሆነ፣ ኤክሳይዝ የሌለበት ዕቃ ይወሰድ፤ ሌሎቹን አነስተኛ ክፍያዎች ለጊዜው እንተዋቸው። በ57 ብር ተመን የጉምሩክ ዋጋው 570,000 ብር ነው። ቀረጡ 199,500 ብር ይሆናል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በ769,500 ብር ላይ ሲሰላ 115,425 ብር ነው። 10 በመቶ ሱር ታክስ በ884,925 ብር ላይ ሲሰላ 88,492 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ድምሩ 403,417 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በ100 ብር ተመን ደግሞ ዋጋው 1,000,000 ብር፣ ቀረጡ 350,000፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 202,500፣ ሱር ታክሱ 155,250 ሆኖ ድምሩ 707,750 ብር ይደርሳል።

በሁለቱም ስሌት ጠቅላላው ክፍያ ከጉምሩክ ዋጋው 70.8 በመቶ ገደማ ነው። መደራረቡ ምንዛሪው ሲጨምር ታክሱን ከምንዛሪው በበለጠ ፍጥነት ያሳድገዋል የሚል ግምት በነጋዴዎች ዘንድ ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። ሁሉም መቶኛ ስለሆኑ ምንዛሪው በ75 በመቶ ካደገ ድምሩም በዚያው በ75 በመቶ ያድጋል። ሸክሙ የሚከብደው በሌላ መንገድ ነው። ዕቃውን በ57 ብር ተመን ከፍሎ የገዛ አስመጪ፣ ዲክላራሲዮኑ በ100 ብር ተመን ቢሰላ ለዕቃው ካወጣው 570,000 ብር ላይ 707,750 ብር ቀረጥና ታክስ ይከፍላል። ታክሱ ከዕቃው ግዢ በለጠ ማለት ነው፤ በእጁ ካለው ወጪ አንጻር ሲታይ 70.8 በመቶ የነበረው ክፍያ ወደ 124 በመቶ ይጠጋል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ከዚህ ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክሱን ኋላ ከሽያጭ ታክሱ ያቀናንሰዋል፤ ቀረጡና ሱር ታክሱ ግን በወጪነት ይቀራሉ። ሦስቱንም ግን ዕቃውን ለማውጣት አስቀድሞ በጥሬ ገንዘብ ማግኘት አለበት።

ነገሩ ወደ ኋላም ይታያል። ከሐምሌ 2016 በፊት በትይዩ ገበያ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር፤ የጉምሩክ ስሌት ግን በይፋው ተመን ነበር። በትይዩ ገበያ ለአንድ ዶላር 114 ብር ከፍሎ በፍራንኮ ቫሉታ ዕቃ ያስገባ ሰው ይታሰብ። ጉምሩክ ያን ዶላር በ57 ብር ይመነዝረዋል፤ 35 በመቶ ቀረጡም 19 ብር ከ95 ሳንቲም ይሆናል። ነጋዴው በእርግጥ ካወጣው 114 ብር ጋር ሲነጻጸር ይህ 17.5 በመቶ ብቻ ነው። ታሪፍ መጽሐፉ ላይ 35 የሚል ተጽፎ ሳለ በተግባር የተከፈለው የዚያ ግማሽ ነበር። ስምምነቱ ተመኑ ወቅታዊውን የንግድ ዋጋ ያንጸባርቅ የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ይፋ ተመኑ ከገበያው ሲርቅ መንግሥት ገቢ ያጣል፤ በታሪፍ ይጠበቃል የተባለው የአገር ውስጥ አምራችም የታሰበውን ያህል አይጠበቅም። ተመኑ ከገበያው ጋር በተገናኘ ቀን ደግሞ የቀረጥ ምጣኔ ሳይነካ የቀረጡ ክብደት በድንገት ይጨምራል። ታሪፉን ማንም አላሻሻለውም፤ ሸማቹ ግን እንደተሻሻለ ያህል ይሰማዋል።

ምንዛሪ የማይነካው ቀረጥም አለ። በኪሎ፣ በሊትር ወይም በቁጥር የተወሰነ ክፍያ የዕቃውን ዋጋ ስለማይመለከት ተመኑ ቢወጣም ቢወርድም ያው ነው። በአገሩ ገንዘብ ተጽፎ ለረጅም ጊዜ ካልተሻሻለ ገንዘቡ በወረደ ቁጥር እየቀለለ ይሄዳል፤ ከመቶኛው ቀረጥ ፍጹም ተቃራኒ መንገድ ይይዛል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንዛሪ ጨርሶ አያስፈልግም። ገዢና ሻጭ ኢንቮይሱ በዶላር ቢጻፍም ክፍያው በአስመጪው አገር ገንዘብ፣ አስቀድሞ በውል በተቆረጠ ተመን እንዲፈጸም ሊስማሙ ይችላሉ። በዓለም የጉምሩክ ድርጅት ሥር የሚሠራው የዋጋ ትመና ቴክኒክ ኮሚቴ በዚህ ላይ በሰጠው የምክር ሐሳብ መሠረት፣ ሒሳቡ የሚዘጋው በአስመጪው አገር ገንዘብ ከሆነ ጉምሩክ የሚመነዝረው ነገር የለም፤ በውሉ ተመን የተገኘው መጠን ራሱ ዋጋው ነው። የሚያየው የኢንቮይሱን ፊት ሳይሆን ገንዘቡ በምን እንደተከፈለ ነው። ተቃራኒውም እንዲሁ ነው፤ ውሉ ተመን ቆርጦ ክፍያው ግን በውጭ ገንዘብ ከተፈጸመ፣ የውሉ ተመን ይቀርና ይፋው ተመን ይሠራል። አስመጪ ከባንክ ጋር ለብቻው የሚገባው የወደፊት ምንዛሪ ውልም ከሻጩ ጋር ስላልተገባ ስሌቱን አይለውጠውም።

በየቀኑ ሥራ ላይ የሚያጋጥመው ስሕተት ከእነዚህ ሁሉ ይቀላል፤ ገንዘብ ማስወጣቱ ግን ያው ነው። አንደኛው፣ ትራንዚተሩ የባንኩን የክፍያ ማስረጃ ተመልክቶ በክፍያው ቀን ተመን ማስላቱ ነው። ሌላው የገንዘቦች መደባለቅ ነው፤ ዕቃው በዩዋን፣ ማጓጓዣው በዶላር ሆኖ ሳለ ሁለቱ ተደምረው በአንድ ተመን ይመነዘራሉ። እያንዳንዱ በራሱ ተመን ተመንዝሮ ነው መደመር ያለበት። የጃፓን የን ደግሞ በብዙ ሰንጠረዦች ላይ የሚወጣው ለመቶ የን ነው፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው የዕቃውን ዋጋ መቶ እጥፍ ያደርገዋል። የአንድ ዶላር አገር ከሌላው ዶላር ጋር መምታታቱም የታወቀ ነው፤ የሆንግ ኮንግ ዶላር ያለበት ኢንቮይስ የአሜሪካ ተብሎ ከተመዘገበ ዋጋው ሰባት እጥፍ ከግማሽ በላይ ያብጣል።

እነዚህን ለመለየት ልዩ እውቀት አያስፈልግም። በዓለም በስፋት በሚሠራበት የዲክላራሲዮን ቅጽ ሣጥን 22 የገንዘቡን ዓይነትና የኢንቮይሱን ድምር፣ ሣጥን 23 ደግሞ የምንዛሪ ተመኑን ይይዛሉ። ሁለቱን ማባዛት፣ ውጤቱን በአገሩ ገንዘብ ከተጻፈው ዋጋ ጋር ማስተያየት፣ ተመኑንም ዲክላራሲዮኑ በተመዘገበበት ቀን ከሚሠራው ይፋ ሰንጠረዥ ጋር ማመሳከር ይበቃል። ስሌቱ በኮምፒዩተር ሥርዓት የሚሠራ ከሆነ ተመኑን ሥርዓቱ ራሱ ከሰንጠረዡ ያስገባዋል፤ የገንዘቡን ዓይነት የሚጽፈው ግን ሰው ስለሆነ ስሕተቱ በአብዛኛው የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ዕቃው ከወጣ በኋላ በሚደረግ የድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት የዋጋ ጉድለት ቢገኝም የቀኑ ምርጫ ጸንቶ ይቆያል። ኦዲተሩ ከሁለት ዓመት በኋላ 4,000 ዶላር ሳይገለጽ እንደቀረ ቢያረጋግጥ፣ ያ 4,000 ዶላር የሚመነዘረው ዲክላራሲዮኑ በተመዘገበበት ቀን በነበረው ተመን ነው፤ ኦዲቱ በተካሄደበት ቀን ባለው አይደለም። የቀረጡ ዕዳ የተወለደው በዚያን ቀን ስለሆነ ምንዛሪውም የዚያን ቀን ነው፤ በመካከሉ ላለፈው ጊዜ የሚታሰበው ወለድና ቅጣት ለብቻው የሚሰላ ሌላ ሒሳብ ነው።